ቦርጩን በፈረንጅ ዶሮ አታላክከው

«ከድሬ ሸንቃጣ ሆኖ የወጣ ልጅ በሁለት በሦስት ዓመቱ ቦርጭ ይዞ ሲመለስ ሁላችንም እናያለን። ምክንያቱ የተሰወረ አይደለም። አንደኛ፣ የፈረንጅ ዶሮና ሥጋ በሆርሞን ያደገ ስለሆነ የሚበላውንም ሰው ያሳብጣል። ሁለተኛ፣ ብርዱ ሰውነት ስብ እንዲያከማች ያደርጋል። ሦስተኛ፣ ጫት ሲቀር ታፍኖ የኖረው የምግብ ፍላጎት ይለቀቃል። አራተኛ፣ እዚያም ሆኖ እንጀራውን የሙጥኝ ያለ ሰው አይወፍርም። አምስተኛ፣ ለዕረፍት መጥቶ አንድ ወር ከተቀመጠ የጨመረው ሁሉ ይረግፋል። ለማንኛውም ውፍረት የምቾት ምልክት እንጂ በሽታ አይደለም።»

ከላይ ያለው ወደ ውጭ አገር ሄደው ስለሚወፍሩ የድሬ ልጆች አንተ የጻፍከው ነው። ድሬ ላይ አንቱታ ስለማናበዛ «አንተ» እያልኩ ልጻፍልህ። እኔም የዚሁ ከተማ ልጅ ነኝ፤ ሙያዬ ምግብና ጤና ነው። ለዕረፍት የሚመጡ ዘመዶችና የሰፈር ልጆች «እስቲ ስኳሬን ለካኝ» እያሉ ይመጡብኛል። ስለዚህ አንተ ያየኸውን ቦርጭ እኔም አይቼዋለሁ። የማንስማማው ከየት መጣ በሚለው ላይ ነው። ከነጥቦችህ አንዱን በግማሽ እቀበላለሁ። ሌሎቹን ግን አልቀበልም። በተራ እሄዳለሁ፤ አንዳንዱን ቶሎ አልፈዋለሁ።

ከዶሮው ልጀምር። አሜሪካ ውስጥ ለዶሮና ለአሳማ የእድገት ሆርሞን መስጠት ክልክል ነው። የሚፈቀደው ለከብትና ለበግ ነው። የሥጋ ዶሮ በስድስት ሰባት ሳምንት የምትገዝፈው ለብዙ ዓመታት እየተመረጠ በተዳቀለ ዝርያዋና በመኖዋ ምክንያት ነው። አውሮፓ ደግሞ ለከብትም ከልክሏል። ሆርሞን የተሰጠው ከብት ሥጋ ከውጭ እንዳይገባም ከ1989 ጀምሮ አግዷል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። እንግዲህ ጥፋተኛው ሆርሞን ቢሆን ኖሮ አምስተርዳም ወይም በርሊን የገባ አፍሪካዊ ባልወፈረ ነበር።

ግን ይወፍራል። በ2016 የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት ጋናውያንን በአምስት ቦታ አነጻጽሯል፦ በጋና ገጠር፣ በጋና ከተማ፣ በአምስተርዳም፣ በበርሊንና በለንደን። ከገጠሩ ወንዶች ከልክ በላይ የወፈሩት ከመቶ አንድ ያህል ብቻ ነበሩ። በጋና ከተሞች ወደ ሰባት ከፍ አሉ። በአውሮፓዎቹ ከተሞች ከ14 እስከ 21 ደረሱ። የሴቶቹ ቁጥር ደግሞ በየቦታው ከወንዶቹ ይበልጣል።

እኔን ከዚህ ጥናት ይበልጥ የሳበኝ መካከለኛው ቁጥር ነው። ከጋና ገጠር ወደ ጋና ከተማ ለመግባት ፓስፖርት አያስፈልግም። ቁጥሩ ግን እዚያው አገር ውስጥ ብዙ እጥፍ ዘለለ። ለውጡ የሚጀምረው አውሮፕላን ላይ ከመውጣት በፊት ነው ማለት ነው። ከጉርሱም ወይም ከሐረማያ ገጠር መጥቶ ሳቢያን ላይ ሱቅ የከፈተ ሰው እዚያው መንገድ ላይ ነው። የእርሻ ሥራው ቀረ፣ ባጃጁ መጣ፣ ዘይትና ስኳር በየሱቁ ደጃፍ ሆኑ። ቨርጂኒያ የገባው ልጅ ያንኑ መንገድ በፍጥነት ነው የጨረሰው።

ታዲያ ሆርሞን ካልሆነ ምንድን ነው? ቢያንስ አንዱን ምክንያት በሙከራ አይተነዋል። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ሜሪላንድ ውስጥ ቤተስዳ በሚባል ቦታ፣ የእኛ ሰው ከሚበዛበት ሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ ነው፣ 20 ሰዎችን አንድ ወር ያህል አስተኝቶ መገበ። ሁለት ሳምንት ፋብሪካ ያቀነባበረው የታሸገ ምግብ፣ ሁለት ሳምንት ደግሞ ከጥሬው የተሠራ ምግብ ቀረበላቸው። የቀረበላቸው ስኳር፣ ስብ፣ ጨውና አሰር እንዲመጣጠን ተደርጓል። «የፈለጋችሁትን ያህል ብሉ» ተባሉ። የፋብሪካው ምግብ ሲቀርብ በቀን ወደ 500 ካሎሪ ትርፍ በሉ፤ በሁለት ሳምንትም ኪሎ ለመሙላት ጥቂት የቀረው ክብደት ጨመሩ። በሌላው ሁለት ሳምንት ያንኑ ያህል ቀነሱ። ውጤቱ የወጣው በ2019 ነው። ሙከራው ትንሽና አጭር መሆኑን አልክድም። ግን አንድ ነገር በደንብ አሳይቷል፦ የፋብሪካው ምግብ ለስላሳ ነው፣ ቶሎ ይዋጣል፣ ሆድ «በቃኝ» ሳይል ብዙ ይገባል። ማንም ሆዳም ሁን አላለህም፤ ትርፉን የበላኸው ሳይታወቅህ ነው።

ብርዱን ቶሎ ልለፈው። ዱባይና ሪያድ የሄዱት እህቶቻችንና ወንድሞቻችንስ? ከድሬ የባሰ ሙቀት ውስጥ ናቸው፤ እነሱም ወፍረው ይመጣሉ። ደግሞ ሰውነት ሲበርደው ሙቀት ለማምረት ጉልበት ያወጣል እንጂ አይቆጥብም። ብርዱ የሚጎዳው በሌላ በር ነው፤ ከአሥር ሰዓት በኋላ ሲጨልም ሰው ከቤት አይወጣም፣ አይራመድም። የበረሃ ሙቀትም ያንኑ ያደርጋል። የቀትሩን ሰዓት በር ዘግተን የምናሳልፍ የድሬ ሰዎች ይህን ለማወቅ ማስረጃ አያሻንም።

ወደ ጫቱ ስመጣ ግን ላቆምህ አልፈልግም፤ ግማሹን ብለኸዋል። የአወዳይን ገበያ እያየን አድገን ጫት የምግብ ፍላጎት አይዘጋም ብንል ማንም አያምነንም። ለጋ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ ነው። ረሃብን ያርቃል፤ ጨጓራም ምግቡን ቶሎ እንዳያወርድ ያደርጋል። የቃሚው ቀን እንዴት እንደሚሄድ ታውቀዋለህ። ምሳ ይጠነክራል፣ ፍሪዳውም ሩዙም ይቀርባል፣ «ሳትበላ አትቃም» ይባላል። ከዚያ በርጫ። ማታ ግን እራት የለም፤ ቢኖርም ሁለት ጉርሻ ነው።

አሁን ይህ ሰው አሜሪካ ገባ። ካቲኖን እዚያ ከባድ ቁጥጥር የሚደረግበት ዕፅ ነው። ኔዘርላንድስ ጫትን በ2013 ከልክላለች፣ እንግሊዝ በ2014። ስለዚህ በርጫው ቀረ፤ እራቱ ተመለሰ። እስከዚህ ድረስ እንስማማለን።

የምንለያየው ቀጥሎ ባለው ነገር ነው። የተመለሰው ፍላጎት እኮ የማንኛውም ሰው ፍላጎት ነው። እናትህ ጫት በአፏ ሳይዞር የኖረችው እራቷን በልታ ነው። ልዩነቱ ፍላጎቱ በተመለሰበት ሰዓት ምን አገኘ የሚለው ነው። ድሬ ላይ ማታ ሦስት ሰዓት የራበው ሰው የሚያገኘው የተረፈ ፓስታ ወይም አንድ ሳህን ፉል ነው። እዚያ ግን ነዳጅ ማደያው ሳይቀር ሌሊቱን ሙሉ የተጠበሰ ዶሮ፣ ቺፕስና ጣፋጭ ይሸጣል። ሌላም አለ። ጫት ቀምሰው የማያውቁ ሴቶች በብዛት ሄደዋል፤ እነሱም ወፍረዋል። ሦስተኛ ደግሞ እዚሁ መጋላ ላይ ዞር ብለህ እይ፤ በየቀኑ የሚቅም ባለ ቦርጭ አታጣም። በርጫው ላይ ለስላሳው፣ በስኳር የተሞላው ሻይና ኦቾሎኒው አለ። በጫት የቀረው እራት በምርቃናው ስኳር ይካካሳል።

ይህን ያረዘምኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ጽሑፍህን ያነበበ አንድ ወጣት «ለመክሳት ብቅምስ?» ብሎ ጠይቆኛል። አይሆንም። ጫት የደም ግፊትንና የልብ ምትን ከፍ ያደርጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ሆድ ያደርቃል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ በማግሥቱ ይበልጥ ይርበዋል።

አሁን እንጀራው። እዚህ ላይ የድሬና የሐረር ሰው መሆንህን ረስተኸዋል ብል ቅር አትበል። እኛ ቁርስ ላይ ፈጢራና ሳምቡሳ፣ ምሳ ላይ ሩዝና ፓስታ የለመድን ሰዎች ነን። ሐረር ደግሞ ሁልበት መረቅ አለ። «የሀገር ምግብ» ሲባል እንጀራ ብቻ የሚታየው ለሌላ ሰው ነው። ይሁን፣ እንጀራውን እንውሰድ። ከግማሹ በላይ ውሃ ነው፤ መቶ ግራሙ ከዳቦ ያነሰ ካሎሪ አለው። ውጭ አገር ጤፉን ከስንዴ፣ ከገብስ ወይም ራሱ ከሚነሳ ዱቄት ጋር ይደባልቁታል። ሰዉ «ጤፍ ስላልሆነ ነው ያወፈረኝ» ይላል። አሰሩና ብረቱ ይቀንሳል፣ እውነት ነው፤ በካሎሪ ግን ያን ያህል አይራራቁም። ነገሩ ያለው እላዩ ላይ በሚፈሰው ነው።

ቤት ውስጥ ዘይት እንዴት እንደሚፈስ አስብ። ዋጋው የሚያስፈራ ስለሆነ እናት ማንኪያ ትቆጥራለች። ለስድስት ሰው ወጥ ስድስት የሾርባ ማንኪያ ካደረገች ለአንድ ሰው አንድ ማንኪያ ደረሰው። አንድ ማንኪያ ዘይት 14 ግራም ያህል ነው፤ ወደ 120 ካሎሪ። እዚያ ሲሄዱ ጋሎኑ ዘይት ከሁለት ሰዓት ደሞዝ አይበልጥም። ሽንኩርቱ እስኪዋኝ ይፈስሳል። ያው ወጥ አሁን አሥራ ሁለት ማንኪያ ይዟል። ወጡ ስሙ አልተለወጠም፣ መልኩም ጣዕሙም ያው ነው። አንድ ሰው ግን በአንድ ማዕድ 120 ካሎሪ ጨመረ። ሥጋውም እንደዚሁ። እዚህ አንድ ኪሎ ለቤተሰብ ሁሉ ይከፋፈላል፤ እዚያ ለአንድ ሰው ጥብስ ግማሽ ኪሎ ይወርዳል።

ከዘይቱ የማይተናነሰው አበላሉ ነው። ከአንድ ትሪ የሚበላ ሰው የሌላውን እጅ እያየ ይበላል። ታናሹ ይጠብቃል፣ ታላቁ ይተውለታል፣ የሚወራ ወሬ አለ፣ ትሪው ሲያልቅ ማዕዱ አለቀ። እዚያ ወጡ እሑድ ይሠራል፤ ለሳምንት ፍሪጅ ይገባል። ልጁ ከሥራ ሌሊት ስድስት ሰዓት ይገባል፣ ብቻውን ያሞቃል፣ ስልኩን እያየ ይበላል፣ ይተኛል። ማን ያስቆመዋል?

ጾሙንም እዚሁ ላንሳው። ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምን የሚጾም ሰው እዚህ ሲጾም ምርጫው ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን ነው። ቁርስም ይቀራል። ውጭ አገር ግን ድንች ጥብሱ፣ ቺፕሱ፣ ብዙው ብስኩት፣ ለስላሳው ሁሉ «የጾም» ነው። ሥጋና ወተት የለበትማ። ጾሙን አልፈታም፤ ግን በጾም ወቅት ወፈረ። ይህን ሲሰሙ የሚገረሙ ብዙ ናቸው፤ የሚገርም ነገር ግን የለውም።

አንድ ሰው ላሳይህ። የገንደ ቆሬ ልጅ ነው፤ ስሙ ይቅር። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 ነው። ከድሬ ሲወጣ 63 ኪሎ ነበር። እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ውስጥ ሱቅ ይሠራ ስለነበር ቀኑን ሙሉ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ከፊራ በእግሩ ነው። ለስላሳ አንድ ቀን አልፎ አንድ ቀን ይጠጣል፤ ባለ 300 ሚሊ ሊትሩን ጠርሙስ። አሁን ቨርጂኒያ ነው፣ ፓርኪንግ ውስጥ ካሸር፣ የሌሊት ፈረቃ፣ ወንበር ላይ። ከአራት ዓመት በኋላ ሲመጣ 77 ኪሎ ሆኖ መጣ። አሥራ አራት ኪሎ። «ወላሂ ከድሮው የበለጠ አልበላም» አለኝ። አመንኩት። ቁጥሩን አብረን ሠራነው።

መጀመሪያ ለስላሳው። እዚያ ማሽኑ የሚሸጠው የተለመደው ጠርሙስ 591 ሚሊ ሊትር ነው። ውስጡ 65 ግራም ስኳር አለ፤ 240 ካሎሪ። እንቅልፍ እንዳይወስደው በየሌሊቱ አንድ ይጠጣል። የድሬው ጠርሙስ ከ130 ካሎሪ አይበልጥም፤ አንድ ቀን አልፎ ስለሆነ በቀን 65 ማለት ነው። ልዩነቱ ወደ 175 ነው። ቀጥሎ እግሩ። ከመቀመጥ ይልቅ መራመድ በአንድ ኪሎ ሜትር ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ግማሽ ካሎሪ ያህል ትርፍ ያወጣል። ለሱ 30 ገደማ ነው። በቀን አምስት ኪሎ ሜትር ያህል መራመድ ቀርቶበታል፤ ወደ 150። ሲደመር 325። ዘይቱን ገና አልነካንም።

አሁን 325 ካሎሪ ስንት ኪሎ ይሆናል? ብዙ ሰው 7,700 ካሎሪ አንድ ኪሎ ስብ ነው በሚለው ስሌት ያባዛና በአራት ዓመት 60 ኪሎ ያገኛል። ይህ አልሆነም፤ ሊሆንም አይችልም። ሰውነት ሲከብድ ለመንቀሳቀስም ለመኖርም ብዙ ያቃጥላል። እየጨመረ ሄዶ ትርፉ ከአዲሱ ወጪ ጋር ሲተካከል ይቆማል። አሁን የሚሠራበት ግምት በ2011 የወጣ ነው፦ በየቀኑ የሚዘልቅ 24 ካሎሪ ያህል ትርፍ በስተመጨረሻ አንድ ኪሎ ይጨምራል። ግማሹ በመጀመሪያው ዓመት ይመጣል፤ ሦስተኛው ዓመት ሲያልቅ ከሞላ ጎደል ሁሉም ገብቷል። 325ን ለ24 አካፍለው፤ አሥራ ሦስት ተኩል ኪሎ። ልጁ 14 ነው የጨመረው።

እንዲህ የገጠመው በከፊል በዕድል ነው፤ ሰው ከሰው ይለያያል፣ አንዱ ጠርሙስ ሲጠጣ ምግቡን ትንሽ ይቀንሳል፣ ሌላው አይቀንስም። ልብ እንድትል የፈለግሁት ግን የትርፉን ትንሽነት ነው። አንድ ጠርሙስና አንድ የእግር መንገድ። ይህን ማንም «ብዙ መብላት» አይለውም። ለዚህ ነው ልጁ «አልበላም» ሲል የማይዋሸው፤ ለዚህም ነው ዶሮው ላይ የሚፈረደው።

ወደ አምስተኛው ነጥብህ የምሄደው ይህንን ስሌት ይዤ ነው። ልጁ ድሬ ሲገባ በአንድ ቀን ወደ ድሮ አመጋገቡና ወደ ድሮ እግሩ ተመለሰ እንበል። በቀን 325 ካሎሪ ያህል ይጎድለዋል። በ30 ቀን አሥር ሺህ አይሞላም። በስብ ሲቆጠር አንድ ኪሎ ከሩብ ነው። ከአሥራ አራቱ ማለት ነው! ሚዛኑ ከዚያ በላይ ቀንሶ ካሳየ ብዙው ውሃ ነው፤ በሙቀቱ የላበው፣ ሆዱ የተበላሸበት ጊዜ። ተመልሶ ሄዶ በሳምንቱ ይሞላል።

ደግሞ የትኛው እንግዳ ነው በድሮ አመጋገቡ የሚኖረው? ዋርያ፣ አንተም እኮ ታውቃለህ። ዛሬ አክስት ዶሮ ሠርታለች፣ ነገ አብሮ አደጎቹ ጥብስ ጋብዘዋል፣ ከነገ ወዲያ ሐረር ዘመድ ጋ ምሳ አለ። «በሞቴ ብላ»፣ «ከስተህ አይደል እንዴ!» ይባላል። ለመንገዱ ደግሞ ባጃጅ በር ላይ ትቆማለች። ለዕረፍት መጥተው ሁለት ኪሎ ጨምረው የሄዱ አውቃለሁ። በእርግጥ ከስቶ የሚሄድም አለ፤ ጠይቀው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሆዱን ታሞ ነው።

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገርህ በጣም ያሳሰበኝ ነው። ሲወጣ የከሳ፣ 50 ኪሎ የነበረ ልጅ ስድስት ኪሎ ቢጨምር ደስ ይለኛል፤ ምቾት ልትለው ትችላለህ። ከዚያ በላይ ያለው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እኛን በቀጥታ የሚመለከት ማስረጃም አለ። በ1984 እና 85፣ ከዚያም በ1991 ወደ እስራኤል የገቡት ቤተ እስራኤላውያን ሲደርሱ ስኳር በሽታ በመካከላቸው ብርቅ ነበር። ዓመታት ሲያልፉ በፍጥነት ጨመረ። ይበልጥ የሚያስደነግጠው ደግሞ በሽታው የሚይዛቸው ብዙ ሳይወፍሩ መሆኑ ነው። ሌላው እስራኤላዊ ገና ደህና በሚባልበት ክብደት እነሱ ታመዋል። እንግሊዞችም አፍሪካዊ ዝርያ ላላቸው ሰዎች መስፈሪያውን ዝቅ አድርገውታል። ክብደት በኪሎ ለቁመት በሜትር ሁለት ጊዜ ሲካፈል ለሌላው የውፍረት በሽታ የሚባለው ከ30 ጀምሮ ነው፤ ለእኛ ከ27.5። ማስጠንቀቂያው ለሌላው 25 ላይ፣ ለእኛ 23 ላይ ይጀምራል። የገንደ ቆሬው ልጅ 77 ኪሎ ሆኖ 26.6 ነው። በተለመደው ሰንጠረዥ «ትንሽ ወፈር ያለ»፤ በእኛ መስፈሪያ ግን ከደጃፉ የደረሰ።

ሚዛን ከሌለህ የልብስ ስፌት ሜትር ይበቃል። ከመጨረሻው የጎን አጥንትና ከዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል፣ በእምብርት አካባቢ፣ ትንፋሽ ካወጣህ በኋላ ትለካለህ። ውጤቱ ከቁመትህ ግማሽ መብለጥ የለበትም። ለ1 ሜትር ከ70 ሰው 85 ሳንቲ ነው። የሱሪ ቁጥር አይጠቅምም። ቦርጭ ሲወጣ ቀበቶው ከሥሩ ይወርዳል፤ ሰውየው «ድሮም 32 ነው የምለብሰው» እያለ ወገቡ 96 ይሆናል። የኛ ልጅ 95 ነበር። ሱሪው ያው የድሮው ቁጥር ነው።

ወገብህ ከቁመትህ ግማሽ ካለፈ በባዶ ሆድ ስኳር መለካት ነው። ጠዋት፣ ከስምንት ሰዓት ያላነሰ ሳይበሉ። 126 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ በሌላ ቀን ሲደገምም እንደዚያው ከመጣ ስኳር በሽታ ነው። ከ100 እስከ 125 ያለው ገና የሚመለስበት ሰዓት ነው። የልጁ 111 ወጣ። የደም ግፊትም አብሮ ይለካል። በውጭ አገር ያሉት በሐኪማቸው ዘንድ ይህን በቀላሉ ማግኘት ይችላሉ፤ ብዙዎቹ ግን የሚለኩት እዚህ ለዕረፍት ሲመጡ ነው። ለምን እንደሆነ አይገባኝም። ምናልባት እዚያ ዕረፍት ስለማያገኙ ይሆናል።

ልጁን ምን አልኩት? ጂም ግባ አላልኩትም። ሌሊት ሠርቶ ቀን የሚተኛ ሰው ጂም የሚሄደው ሦስት ሳምንት ነው። ጠርሙሱን በውሃ ወይም ስኳር በሌለው ሻይ ቀይር አልኩት፤ ሙሉውን፣ 240ውን። በስሌቱ ከሄደ በስተመጨረሻ አሥር ኪሎ፣ በመጀመሪያው ዓመት አምስት ያህል ነው። ሁለተኛ፣ የእሑዱን ወጥ ሲሠራ ዘይቱን በማንኪያ ይለካ፤ ለአንድ ድርሻ አንድ ማንኪያ። ሦስተኛ፣ ምሳና እራቱን ይዞ ወደ ሥራ ይሂድና ፈረቃው ሳይጋመስ ይብላ፤ ቤት ሲገባ ይተኛ።

በዓመቱ ደወለ። አራት ኪሎ ቀንሷል፤ ወገቡ 90 ነው፣ ስኳሩ ከመቶ በታች። ዘይቱን መለካት ቶሎ ትቶታል፤ «ወጡ ወጥ አልመስል አለኝ» ነው ያለው። እግሩን በተመለከተ ምንም አልተለወጠም። ሥራው ከቤቱ በመኪና ግማሽ ሰዓት ነው፣ መንገዱ ዳር የእግረኛ መሄጃ የለውም። ያ 150 ካሎሪ እዚያው ቀርቷል፤ ስድስት ኪሎ ያህሉ የሱ ነው። እሱን ለማስመለስ ወይ ሠፈር ይቀይራል፣ ወይ ከሱፐርማርኬት የሚገዛውን በእግሩ ማምጣት ይጀምራል። እስካሁን ሁለቱንም አላደረገም።